የማመልከቻ ጽሑፋችሁ እንዴት ይመረመራል? ለነፃ የትምህርት ዕድል አመልካቾች የተሰጠ ማብራሪያ

ከገደብ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ ቀበሌያት ለነፃ የትምህርት ዕድል የምታመለክቱ ሁሉ፣ ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር ስለ ራሳችሁ የምትገልጹበት አንድ ጽሑፍ እንድታቀርቡ እንደምንጠይቅ ይታወቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጅ ስልክ ሳይቀር በቅጽበት ደብዳቤ መጻፍ ከቻለ ወዲህ ግን ከወላጆችም ከመምህራንም አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። “ልጄ ራሱ የጻፈውንና ማሽን የጻፈውን በምን ትለያላችሁ?” የሚል ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እንደ መሆኔ መልሱን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባኛል። ይህንንም የማደርገው በመጀመሪያ ከራሳችን ስሕተት በመነሣት ነው።

በስሕተት የተጠረጠረችው ተማሪ

ባለፈው ዙር ከአባሎቻችን አንዱ፣ በቅን ልቡና፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ማመልከቻዎች በኢንተርኔት ላይ በነፃ በሚገኝ መመርመሪያ አሳለፋቸው። መመርመሪያው የአንዲትን ተማሪ ጽሑፍ “አብዛኛው በማሽን የተጻፈ” ብሎ መለሰ። ልንሰርዛት ተቃርበን ነበር። ሆኖም ሌላዋ አባላችን “ሳትጠየቅ አይፈረድባትም” በማለቷ ተማሪዋን ጠራናት።

ተማሪዋ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሰርዛዋለች፤ ስርዙም ድልዙም በደብተሩ ላይ ይታያል። ከእናቷ ጋር በቡና ማጠቢያ ጣቢያ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እየለቀመች የደብተር መግዣ እንዴት እንዳገኘች ጽፋ ነበር። ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ መልስ ለመስጠት ተቸገረች። በጌዴኦ ቋንቋ ስትጠየቅ ግን እሸት ቡና በብዛት በሚገባባቸው ቀናት ከትምህርት ቤት እንዴት እንደምትቀር፣ ያመለጣትንም ትምህርት ከማን ደብተር እንደምትገለብጥ ሳትደናገር አስረዳችን። ጽሑፉ የእርሷ ነበር። የተሳሳተው መመርመሪያው ነው፤ ከእርሱ ይልቅ ግን የተሳሳትነው መመርመሪያውን እንደ ዳኛ የቆጠርነው እኛ ነን።

መመርመሪያው ለምን ይሳሳታል?

እነዚህ መመርመሪያዎች ጽሑፉን ማን እንደ ጻፈው አያዩም። የሚያዩት የቃላቱን አካሄድ ብቻ ነው። ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አስቀድሞ የሚገመት ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሮቹም በርዝመትና በአገነባብ ተመሳሳይ ከሆኑ፣ መሣሪያው ጽሑፉን ወደ ማሽን ያስጠጋዋል። ማሽን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የተለመደውን ቃል ስለሆነ ግምቱ መሠረት የሌለው አይደለም።

ነገር ግን እንግሊዝኛን በሦስተኛ ቋንቋነት የተማረ ልጅስ እንዴት ይጽፋል? በቤቱ ጌዴኦኛ ይናገራል፣ በከተማው አማርኛ ይሰማል፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ ያጠናል። የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩንም መምህሩ በሰሌዳ ላይ በጻፈለት መንገድ ይሠራል። ተማሪዋ ጽሑፏን የጀመረችው “ትምህርት የሀገር ዕድገት መሠረት ነው” በሚል፣ በየክፍሉ በሚጠና ዐረፍተ ነገር ነበር። ለመመርመሪያው ይህ ሁሉ የማሽን ምልክት ሆኖ ታየው።

ይህ የእኛ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መመርመሪያዎች አሳለፉ። ሁሉም በሰው የተጻፉ ሆነው ሳለ መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን የማሽን ሥራ ናቸው አሉ። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለዩ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ የቶፍል ድርሰቶቹ ቃላት በቻትጂፒቲ እንዲሻሻሉ ሲደረግ በማሽንነት የሚጠረጠሩት ቁጥር እጅግ መቀነሱ ነው። እንግዲህ ማሽን የነካው ጽሑፍ ሲያልፍ ልጁ በገዛ እጁ የጻፈው ይያዛል ማለት ነው።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መመርመሪያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፍተሻ ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች ለይቶ ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶውን በስሕተት የማሽን ናቸው ብሏል። ድርጅቱም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጾ አነሣው።

ይህ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እናስላው። 120 አመልካቾች አሉ እንበል። ከእነርሱ 100ዎቹ በራሳቸው ጽፈዋል፤ 20ዎቹ ደግሞ በማሽን አስጽፈዋል። በእነዚህ መቶኛዎች መሠረት መመርመሪያው ከ20ዎቹ 5 ያህሉን ይይዛል፤ ከ100ዎቹ እውነተኞች ደግሞ 9ኙን ይከስሳል። በድምሩ 14 ሰዎች ይጠረጠራሉ ማለት ነው፤ ከእነርሱም 9ኙ ንጹሓን ናቸው። 15ቱ በማሽን ያስጻፉ አመልካቾች ግን ሳይነኩ ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን ሚዛን ይዘን የልጅን ዕድል መወሰን አንችልም።

በመሆኑም በዚህ ዙር የማንንም ጽሑፍ በመመርመሪያ መሣሪያ አናሳልፍም። ሌላም ምክንያት አለን። በጽሑፎቻችሁ ውስጥ የቤተሰብ ችግር፣ ሕመምና የሞተ ወላጅ ታሪክ ይገኛል። ይህን ማን እንደሚያስቀምጠው ወደማናውቀው ድረ ገጽ መስደድ አደራ መብላት ነው።

በምትኩ የምንከተለው መንገድ

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የምታውቁ መንገዱ እንግዳ አይሆንባችሁም። ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ይጠይቀዋል፣ ያቃናለታል። ቅኔው የራሱ መሆኑ የሚታወቀው ስለ ምሥጢሩ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። እኛም ጽሑፉን ከጸሐፊው ለይተን አንመረምርም።

በመጀመሪያ፣ ጽሑፋችሁን ከረቂቁ ጋር ታቀርባላችሁ። ረቂቁ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ስርዝ ድልዝ ቢኖርበት አያስነቅፍም። ጽሑፉ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፤ በቋንቋ ምርጫ ነጥብ አይጨመርም፣ አይቀነስም።

ቀጥሎ ሁለት አንባቢዎች፣ ስማችሁ ተሸፍኖ፣ ለየብቻቸው ያነቡታል። “ይህ የማሽን ነው” ብለው እንዲፈርዱ አልተፈቀደላቸውም። ሥራቸው ማብራሪያ የሚሻውን ቦታ ማስመር ነው። ለምሳሌ “የማኅበረሰቡን የውኃ ችግር በአመራር ብቃቴ ፈታሁ” የሚል ቢያገኙ ምንጩ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ቆፈረ፣ ስንት አባወራ እንደሚቀዳበት የሚጠይቅ ማስታወሻ በኅዳጉ ይጽፋሉ።

ከዚያም ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ሁሉ ለ15 ደቂቃ እናነጋግራለን። የተጠረጠሩትን ብቻ ጠርተን ቢሆን ኖሮ መጠራቱ ራሱ ክስ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ይጠራል። ከጽሑፋችሁ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡላችኋል፤ የምትመልሱት በሚቀናችሁ ቋንቋ ነው። ባለፈው ዙር ከላይ በጠቀስነው ዓይነት ቃል የጻፈ አንድ ወጣት መመርመሪያው ንጹሕ ነው ብሎት ነበር። ስለ ምንጩ ሲጠየቅ ግን የቀበሌውን ስም እንኳ ከጽሑፉ ጋር ማስማማት አልቻለም። በኋላም ጽሑፉን ከስልኩ መውሰዱን ራሱ ተናገረ። እንደገና እንዲጽፍ ዕድል ሰጠነው፤ ሁለተኛው ጽሑፍ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ስለ ታናናሽ ወንድሞቹ የሚናገር የራሱ ታሪክ ነበር።

ከውይይቱ ቀጥሎ ለ30 ደቂቃ በእጃችሁ አጭር ጽሑፍ ትጽፋላችሁ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ እናደርጋለን። ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በብዙ ቀን ከሚጽፈው ይልቅ በጥድፊያ የሚጽፈው ያንሳል። ስለዚህ ሰዋስውን ከሰዋስው ጋር አናነጻጽርም። የምናየው ሰውዬው ስለ አንድ ነገር የሚያስብበት መንገድና የሚያነሣቸው ነገሮች ከቀደመው ጽሑፍ ጋር መዛመዳቸውን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ቢቀር የተጠረጠረበት ነጥብ በጽሑፍ ይደርሳችኋል፤ መልስ ለመስጠትም አምስት የሥራ ቀናት ይኖራችኋል። ውሳኔውን የሚሰጡት ጽሑፉን መጀመሪያ ያላነበቡ ሦስት አባላት ናቸው።

የተፈቀደውና ያልተፈቀደው

መዝገበ ቃላት መጠቀም፣ የፊደል ግድፈትን በኮምፒውተር ማረም፣ ጽሑፉን ለመምህር ወይም ለታላቅ ወንድም አስነብቦ አስተያየት መቀበል የተፈቀደ ነው። በጌዴኦ ቋንቋ ወይም በአማርኛ ጽፋችሁ በማሽን ብታስተረጉሙም አንቃወምም፤ ነገር ግን ይህን በአንድ መስመር ገልጻችሁ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አያይዙ። ያልተፈቀደው ታሪኩን፣ ሐሳቡን ወይም አንቀጾቹን ማሽን ወይም ሌላ ሰው እንዲያመነጭላችሁ ማድረግ ነው። ለገንዘብ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውም በእኛ ዘንድ ከማሽኑ አይለይም።

የመንገዱ ወሰን

ይህ አሠራር ሁሉን ይይዛል አንልም። ማሽን የጻፈለትን በሚገባ አጥንቶ የሚመጣ ሰው ሊያልፍ ይችላል። ጊዜም ይጠይቃል፤ 40 ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ማነጋገር 10 ሰዓት ይፈጃል፣ ለእኛም ሁለት ሙሉ ቀናት ነው። በሺህ የሚቆጠር አመልካች ያለው ተቋም ይህን ላይችል ይችላል፤ እኛ ግን ጥቂቶች ስለሆንን እንችላለን። ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ አንድ አታላይ ቢያመልጠን ይሻለናል። እርሱን በትምህርት ውጤቱ በየመንፈቀ ዓመቱ እናገኘዋለን። ያለ ጥፋቷ የተሰረዘችን ልጅ ግን ተመልሰን አናገኛትም፤ ወደ ቡና ለቀማው ተመልሳ ትሄዳለችና።

ስለዚህ ረቂቃችሁን አትጣሉ። የተሰረዘበትን ወረቀት ጭምር አስቀምጡት፤ ስትመጡም ይዛችሁት ኑ።