በጀቱ በብር፣ ክፍያው በዶላር

መርጡለ ማርያም ላይ የዱቄት ወፍጮ ለማቆም ያሰበ ነጋዴ በጀቱን የሚጽፈው በብር ነው። ለግንበኛና ለድንጋይ የሚከፍለውም በብር ነው። ማሽኑ ግን ከውጭ ስለሚመጣ ፕሮፎርማው በዶላር ይደርሰዋል። ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ ማሽኑ 20 ሺህ ዶላር፣ ቤቱ 850 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል።

በሐምሌ 2016 መጀመሪያ የባንክ ዋጋ አንድ ዶላር በ57 ብር ከ50 ሣንቲም ገደማ ነበር። በዚህ ሂሳብ ማሽኑ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ፣ ጠቅላላ በጀቱ 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን መንግሥት የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ዶላሩ በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ወጣ። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ሂሳብ ማሽኑ ብቻ 2 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። የተጨመረው 850 ሺህ ብር ቤቱን ሙሉ በሙሉ ያሠራ ነበር።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው፣ ለኤል ሲ ቅድሚያ ተቀማጭ ካስገባ ዋጋው የተቆረጠለት ሲመስለው ነው። ከማሽኑ ዋጋ 30 በመቶውን፣ ማለትም 345 ሺህ ብር፣ አስይዞ ከሆነ ያ ገንዘብ በአሮጌው ዋጋ 6 ሺህ ዶላር ነበር። ባንኩ ዶላሩን ሳይገዛለት ዋጋው 100 ከገባ ግን የሚያወጣው 3 ሺህ 450 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ለባንኩ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብሬ ተያዘ ወይስ ዶላሩ ተገዛልኝ?» መልሱ በወረቀት ካልተሰጠ በጀቱ ገና ክፍት ነው።

ቀረጡም አለ። የሚከፈለው በብር ቢሆንም የሚሰላው የዕቃው የዶላር ዋጋ ወደ ብር ተመንዝሮ ስለሆነ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። በበጀቱ ላይ «የብር ወጪ» ተብሎ መመዝገብ የለበትም።

አሥር በመቶ መጠባበቂያስ አይበቃም? የብር ታሪክ አይበቃም ይላል። ለረጅም ዓመታት በ2 ብር ከ7 ሣንቲም የቆመው ዶላር በመስከረም 1985 በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። በጥቅምት 2010 ደግሞ ብር በአንድ ቀን በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ።

የሚሻለው በጀቱን ሁለት ዓምድ ማድረግ ነው። አንዱ ከዶላር ጋር የሚሄደውን ይይዛል፤ በዶላር ተጽፎ የተሰላበት ዋጋና ቀን ከጎኑ ይሰፍራል። ሌላው የአገር ቤቱን ወጪ ይይዛል። ከዚያም ዶላሩ ስንት ብር ሲገባ ሥራው እንደማያዋጣ አስቀድሞ ማስላት ነው። ባለወፍጮው 2 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ብቻ ካለው ጣሪያው 75 ብር ነው። ዶላሩ ሳይገዛ ግድግዳ ማቆም የለበትም፤ ማሽን የሌለው የወፍጮ ቤት ለገበያ ቢወጣ ደላላው ራሱ የሚጠራው በቤት ዋጋ ነው።