20 የሚለው መልስ ከየት ይመጣል?

በሞላ ላይ የተንጠለጠለ 200 ግራም ብረት ወደ ታች ሳብ ተደርጎ ሲለቀቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዕረፍት ቦታው ምን ያህል እንደራቀ በየቅጽበቱ ተመዝግቦ ግራፍ ተሠርቶለታል። አግድሙ መስመር ጊዜን በሰከንድ፣ ቋሚው ርቀትን በሴንቲ ሜትር ያሳያል። ኩርባው እስከ 4 ይወጣል፣ ዜሮን አቋርጦ እስከ −4 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ለተማሪዎቼ ይህን ግራፍ ሰጥቼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ፔሬዱን፣ አምፕሊቲዩዱን፣ የብረቱን ከፍተኛ ፍጥነት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከየክፍሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይመጣል፦ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር። ይህን መልስ የሚጽፉት ያላጠኑት ልጆች አይደሉም። ግራፉን በትክክል ያነበቡ፣ አስበው ያካፈሉ ናቸው። ስለዚህ መልሱን በቀይ ሰርዞ ከማለፍ ይልቅ ከየት እንደመጣ መከተል ይጠቅማል።

አምፕሊቲዩዱ ብዙ አያስቸግርም። ከመካከለኛው መስመር እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ስለሆነ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የለካ 8 ይላል፤ ግማሹን መውሰድ ብቻ ነው የቀረው። ግራፉ ዜሮን መካከል ሳያደርግ ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርቀት የሚለካ መሣሪያ ወለል ላይ ተቀምጦ ብረቱን ከታች ሲመለከት፣ ግራፉ በ42 እና በ50 ሴንቲ ሜትር መካከል ይመላለሳል። አምፕሊቲዩዱ 50 ነው የሚል ተማሪ ያኔ ይገኛል። መካከለኛው መስመር 46 ላይ እንዳለ መጀመሪያ ፈልጎ ማስመር አለበት፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ያው 4 ነው።

ፔሬዱ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከየት ወደ የት እንደሚለካ መምረጥ በውጤቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አብዛኛው ተማሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል፤ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ስለሚያሳየው። ስህተት አይደለም። ችግሩ ኩርባው ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። በዚህ ግራፍ ብረቱ ከጫፉ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚቆየው ወደ 0.06 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓይን ትክክለኛውን ጫፍ ለይቶ ማወቅ ይከብደዋል። ዜሮ መስመሩ ላይ ግን ኩርባው በጣም ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ፣ 1 ሚሊ ሜትር ብንሳሳት እንኳ ጊዜው የሚዛባው በ0.003 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከጫፍ ይልቅ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ቦታ እመርጣለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስለምዳለሁ።

ይህን ሲያደርጉ አንድ ነገር መያዝ አለባቸው፤ ኩርባው ዜሮን የሚያቋርጠው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ ወደ ላይ ሲሄድ፣ አንዴ ወደ ታች ሲወርድ። ከአንዱ ማቋረጫ ቀጥሎ እስካለው ማቋረጫ የለካ ግማሹን ያገኛል። ቦታውም አቅጣጫውም አንድ መሆን አለበት። በእኛ ግራፍ ብረቱ ወደ ላይ እየሄደ ዜሮን መጀመሪያ የሚያቋርጠው 0.14 ሰከንድ ላይ ነው፤ በዚያው አቅጣጫ ስድስተኛው ማቋረጫ 4.14 ላይ ይገኛል። በመካከላቸው 4.00 ሰከንድ አለ። ስድስት ማቋረጫ አምስት ዙር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለስድስት ያካፈለ 0.67 ያገኝና ይሳሳታል። ለአምስት ስናካፍል 0.80 ሰከንድ፤ ፔሬዱ ይህ ነው። ብዙ ዙር መቁጠሩ ደግሞ የንባብ ስህተቱን ለአምስት ያከፋፍለዋል።

አሁን ወደ 20 እንመለስ። ከጫፍ ተነስቶ ዜሮ መስመር እስኪደርስ ብረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ይህ የዙሩ ሩብ ስለሆነ 0.20 ሰከንድ ይፈጅበታል። 4ን ለ0.20 ሲያካፍሉት 20 ይወጣል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተገኘው አማካይ ፍጥነት ነው። ብረቱ ጫፉ ላይ ለቅጽበት ቆሞ ነበር፤ ከዜሮ ፍጥነት ተነስቶ ዜሮ መስመሩ ላይ ከሁሉም በላይ ይፈጥናል። አማካዩ 20 ከሆነ ከፍተኛው ከ20 መብለጥ አለበት። ይህን ሲሰሙ ፈጣን የሆኑት ልጆች ወዲያው እጥፉን፣ 40ን ይጠራሉ። ከዕረፍት ተነስቶ እኩል እየፈጠነ የሚሄድ መኪና ላይ እንዲህ አስልተዋልና። እዚህ ግን ፍጥነቱ እኩል እየጨመረ አይሄድም። ብረቱን ወደ ዕረፍት ቦታው የሚመልሰው ኃይል የሚበረታው ጫፉ ላይ ነው፤ ወደ መካከል ሲቀርብ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ መስመሩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ብረቱ ፍጥነቱን በብዛት የሚያገኘው መጀመሪያ ላይ ነው፤ በኋላ የሚጨመረው ጥቂት ነው። በቶሎ ስለፈጠነ የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል በጥሩ ፍጥነት ይጓዛል፤ አማካዩም ከከፍተኛው ግማሽ ይበልጣል። እንግዲህ ምንም ቀመር ሳንጠራ መልሱ ከ20 በላይ፣ ከ40 በታች መሆኑን አወቅን። ሌላ ምንም ባላስተምር ይህችን ደረጃ ባይዘልሏት ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ማስመሪያ እናነሳለን። ፍጥነት በዚህ ግራፍ ላይ የኩርባው ስሎፕ ነው፤ ከፍተኛው ስሎፕ ዜሮ መስመሩ ላይ ነው። ኩርባው ከ−4 ተነስቶ 4 እስኪደርስ ያለውን ሁለት ጫፍ በቀጥታ መስመር ብናገናኝ 8 ለ0.40፣ ማለትም ያንኑ 20 እናገኛለን። መስመሩን እናሳጥረው። ከ−2 እስከ 2 ኩርባው የሚወስደው 0.133 ሰከንድ ነው፤ ስሎፑ 30 ይሆናል። ከ−1 እስከ 1 ብናሳጥረው 0.064 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስሎፑ 31 ደረሰ። ቁጥሩ መጀመሪያ በ10 ዘለለ፣ ቀጥሎ በ1 ብቻ ጨመረ፤ ማረፊያው ቅርብ እንደሆነ ተማሪው ራሱ ያያል። ይሁን እንጂ ማሳጠሩም ገደብ አለው። በጣም አጭር መስመር ላይ የእርሳሱ ውፍረት ራሱ ከምንለካው ጋር ይፎካከራል።

ስለዚህ ዜሮ ላይ ታንጀንቱን አስምረን፣ ለማንበብ ግን ረጅም አድርገን እንዘረጋዋለን። ማስመሪያው በትክክል ተቀምጧል የሚባለው ኩርባው ከማስመሪያው ከላይም ከታችም በእኩል ሲለያይ ነው፤ ከላይ በሰፊው ከታች በጠባቡ ከተለያየ ማስመሪያው ተንጋዷል። መስመሩ −4ን እና 4ን በሚነካበት ቦታ መካከል ያለው ጊዜ 0.255 ሰከንድ ያህል ነው። 8ን ለ0.255 ስናካፍል በሰከንድ 31.4 ሴንቲ ሜትር። እዚህ ላይ ልጆቹን የማሳያቸው አንድ ነገር አለ። ታንጀንቱ ከዜሮ ተነስቶ 4 ላይ የሚደርሰው በ0.127 ሰከንድ ነው፤ ኩርባው ግን እዚያው ለመድረስ 0.20 ይፈጅበታል። የ20 እና የ31.4 ልዩነት ወረቀቱ ላይ በዓይን የሚታየው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ነው።

ቀመሩን የምጽፈው ከዚህ በኋላ ነው፦ ከፍተኛው ፍጥነት 2πA/T ነው። A አምፕሊቲዩዱ፣ T ፔሬዱ ነው። 6.28 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ0.80፣ 31.4። ይህ 2π ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ራዲየሱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ላይ እኩል ፍጥነት ይዞ የሚዞር ነጥብ እናስብ፤ በ0.80 ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል። ከጎኑ መብራት ብናበራበት ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጥላ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ እንቅስቃሴው ልክ የብረቱ ነው። ነጥቡ በአንድ ዙር የክቡን ዙሪያ፣ ማለትም 2πA ይጓዛል። ጥላው መካከለኛው ቦታ ላይ ሲያልፍ ነጥቡ ወደ ግድግዳው አይጠጋም፣ ከግድግዳውም አይርቅም፤ ሙሉ ፍጥነቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። የጥላው ከፍተኛ ፍጥነት የነጥቡ ፍጥነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፔሬዱ በትክክል መነበቡን ያለ ግራፉ ማረጋገጥም ይቻላል። ብረቱ ሲንጠለጠል ሞላው ምን ያህል እንደረዘመ በማስመሪያ ይለካል። በዚህ ሞላ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 0.16 ሜትርን ለ9.8 አካፍሎ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስዶ በ6.28 ማባዛት ነው፤ 0.80 ይወጣል። የብረቱን ክብደት እንኳ ማወቅ አላስፈለገም። ሁለቱ ቁጥሮች በጥቂቱ ቢለያዩ ሞላው ራሱ ክብደት ስላለው ሊሆን ይችላል። አንዱ የሌላው እጥፍ ወይም ግማሽ ከሆነ ግን ችግሩ ዙሩ የተቆጠረበት መንገድ ላይ ነው። ይኸው 16 ሴንቲ ሜትር ገደቡንም ይነግረናል። ብረቱን ከዚያ በላይ ወደ ታች ስበን ከለቀቅነው፣ ሲመለስ ሞላው ተፈጥሯዊ ርዝመቱ ላይ ይደርስና ጥምዝምዞቹ ይጋጫሉ ወይም ይታጠፋሉ። ይህ መሆኑ ከግራፉ ይታወቃል፤ ላይኛውና ታችኛው ጉብታ አንድ ዓይነት መሆናቸው ይቀራል። እንደዚያ ባለ ግራፍ ላይ 2πA/T አይሠራም።

በእጅ ተሠርቶ የተመዘገበ ግራፍ ሌላም ነገር ያሳያል። አየሩና ሞላው ራሱ ከእንቅስቃሴው ጥቂት ጥቂት ስለሚወስዱ ጉብታዎቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ፔሬዱ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ሞላው በትንሹም በብዙም ሲወዛወዝ አንድ ዙር ያው 0.80 ሰከንድ ይፈጅበታል። አምፕሊቲዩዱ ግን የትኛው ነው? ተማሪዎች የመጀመሪያውን ጉብታ ይወስዱና ለየትኛውም ዙር ይጠቀሙበታል። ፍጥነቱ የሚፈለገው በየትኛው ማቋረጫ ላይ እንደሆነ መጀመሪያ መወሰን አለበት፤ ከዚያ ከማቋረጫው በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ጫፎች ከመካከለኛው መስመር ያላቸው ርቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። አንዱ ጫፍ 3.7፣ ሌላው 3.5 ቢሆን A 3.6 ነው። በዚያ ማቋረጫ ላይ ብረቱ በሰከንድ 28.3 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ እዚያው ቦታ ላይ የተሰመረ ታንጀንትም ወደዚሁ ቁጥር መቅረብ አለበት።