ሥራ ላጣ ወዳጅ ምን ተብሎ ይጻፋል?

በአንድ አስመጪ ድርጅት አራት ዓመት የሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ድርጅቱ ሰው ሲቀንስ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ እንበል። ማምሻውን ስልኩ በመልእክት ይጨናነቃል። «በጣም አዘንኩ ወንድሜ»፣ «ለበጎ ነው»፣ «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ»። ሁሉም ከልብ የተላኩ ናቸው፤ ተቀባዩ ግን ለቅሶ የተደረሰው ይመስለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሸክሙን መልሶ እሱ ላይ ይጥላል፤ ምን እንደቸገረው አስቦ፣ ኀፍረቱን ውጦ መጠየቅ ያለበት ራሱ ነውና።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኒያል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በኒውዮርክ ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችና የፍቅር አጋሮቻቸው በየቀኑ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። አጋር ረድቶ ተፈታኙ መረዳቱን ልብ ሳይል ሲቀር፣ ድጋፉ ይበልጥ ጠቀመ። ተፈታኙ «ዛሬ ተደገፍኩ» ብሎ የጻፈው እርዳታ ግን ጭንቀቱን ሲያባብስ ታየ። ሰው እየተረዳ መሆኑ ጎልቶ ሲታየው፣ አቅም እንዳነሰው ሊሰማው ይችላል።

ስለዚህ ለሒሳብ ሠራተኛው እንዲህ ቢጻፍለት ይሻላል፦

«አሁን ሰማሁ። ያናድዳል። መልስ አልጠብቅም። ኦዲተሮቹ ሲመጡ የተዘበራረቀውን ደረሰኝ ለቅመህ ሒሳቡን ያስታረቅከው አንተ ነህ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እናገራለሁ። እኛ ጋ ያለችውን የፋይናንስ ኃላፊ አውቃታለሁ፤ ከፈቀድክ ስልክህን እሰጣታለሁ። ቅዳሜ አራት ሰዓት የተለመደው ቦታ ቡና እጠጣለሁ፣ ከተመቸህ ና።»

የመልእክቱ ጉልበት ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። «ጎበዝ ነህ» ማለት ለማንም ይባላል፤ የሠራውን ጠቅሶ መመስከር ግን ሥራው ቢወሰድበትም ሙያው አብሮት መሆኑን ያሳያል። «ከፈቀድክ» የሚለውም ቃል መዘለል የለበትም። ሳያስፈቅዱ ስሙን ለአሥር ሰው ማዳረስ፣ በደግነት ቢደረግም፣ ገመናውን ማውጣት ነው። «ሥራ አስገባሃለሁ» የሚል ተስፋም ሰጪው እርግጠኛ ካልሆነ አይጻፍ።

በማግስቱ አንድ ጠቃሚ መረጃ ቢላክለት ደግሞ ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ ያገለገለበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያገኛል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚከስ ከሆነ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ይህ ጊዜ ሳያውቀው ሊያልፍበት ይችላል።

ቅዳሜ ቡናው ሲያልቅ እጁን ወደ ኪሱ ከሰደደ፣ ይክፈል። «ተው፣ አንተማ አሁን…» ብሎ እጁን መያዝ በጥንቃቄ የተጻፈውን ሁሉ ያፈርሳል።

ሦስት ሳምንት ሲያልፍ የሌሎቹ መልእክት ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጻፈው «ሥራ አገኘህ?» ባይሆን ይመረጣል፤ ስለ ልጆቹ ወይም ስለ እሁዱ ጨዋታ መጠየቅ ይበቃል። የሥራውን ነገር ማንሳት ከፈለገ ራሱ ያነሳዋል።