የቧንቧ ጥርስ ምን ያህል ይርዘም?

የውኃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ሲያንጠባጥብ ብዙዎቻችን ቃጫው አንሶ ነው ወይም በደንብ አልጠበቀም እንላለን። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ጥርሱ ሲወጣ የተሠራ ነው።

በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚወጣው ጥርስ ሾጠጥ ያለ ነው። በየ16 ሚሊሜትሩ ርዝመት ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ይጨምራል። ስለዚህ ወደ ጎሚቶው በገባ ቁጥር እንደ ሽብልቅ እየተወጠረ ይጠብቃል። ቃጫው ወይም ቴፍሎኑ በጥርሶቹ መካከል የቀረችውን ክፍተት ይደፍናል እንጂ ልል ጥርስን አያጠብቅም።

በሁለት ጎሚቶዎች አፍ መካከል 60 ሳንቲሜትር የሚሸፍን የግማሽ ኢንች ቧንቧ እንሥራ። በየጫፉ 12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሚገባ 62.4 ሳንቲሜትር ላይ ይቆረጣል። ቧንቧው በሞርሳ ይያዝና በሴጌቶ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጫፉ ከተንጋደደ ጥርሱም ተንጋዶ ይጀምራል። በአፉ ውስጥ የቀረውን ስለታም ጠርዝ በክብ ሞረድ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ካልተነሣ የውኃውን መንገድ ያጠብባል።

የጥርስ ማውጫው ምላጮች ብረቱን እስኪነክሱ ድረስ በመዳፍ እየተገፋ ይዞራል። ዘይቱ እዚህ ላይ መሰሰት የለበትም። ምላጩን ያቀዘቅዛል፣ ሰበቃውን ይቀንሳል። ዘይት ያጣ ጥርስ ጫፉ እየተቦጨቀ ሻካራ ይሆናል፤ ውኃም በዚያ ጭረት ያልፋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በመጠጥ ውኃ ቧንቧ ላይ መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም። መያዣው ሲከብድ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ የተጠቀለለውን ፍቅፋቂ ይሰብረዋል።

የት ይቆም? የቧንቧው ጫፍ ከምላጮቹ የወዲያ ፊት ጋር እኩል ሲሆን። በግማሽ ኢንች ይህ 8 ጥርስ፣ 15 ሚሊሜትር ግድም ነው። "ለማንኛውም" ተብሎ ከዚያ ከታለፈ ምላጮቹን አልፎ የወጣው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይቀጥናል፤ ሽብልቅነቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ቧንቧ ምንም ያህል ቢጠበቅ ወደ ውስጥ መግባቱን እንጂ መወጠሩን አያውቅም።

ቃጫ ሳይጠመጠም በባዶው መሞከር ነገሩን ይለያል። በእጅ ብቻ 3 ወይም 4 ዙር ገብቶ ከቆመ ጥሩ ነው። አንድ ዙር ላይ ከቆመ ጥርሱ በቂ ጥልቀት የለውም፤ ሙሉ በሙሉ በእጅ ከገባ ደግሞ ቀጥኗልና ተቆርጦ እንደገና ይውጣ። ከዚያ ቃጫው ተጠምጥሞ በቧንቧ መፍቻ 2 ወይም 3 ዙር ሲጨመር ከጎሚቶው ውጭ አንድ ሁለት ጥርስ ይታያል።

ምላጩ ከነዚያ ጥርሶች ላይ ዚንኩን ልጦታልና ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ዘይቱ በደንብ ተጠርጎ በዚንክ ቀለም ይሸፈኑ።