ሽብልቁ ለምን ተመልሶ አይወጣም?

ከባድ ማሽን ከወለሉ ከፍ ለማድረግ ሠራተኞች በእግሩ ሥር ሽብልቅ ያስገቡና በመዶሻ ይመቱታል። ምቱ ሲቆም የማሽኑ ክብደት ሽብልቁን ወደ ኋላ ገፍቶ ሊያስወጣው ይገባ ነበር፤ ፊቱ ተዳፋት ነውና። ሽብልቁ ግን ንቅንቅ አይልም። የያዘው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ አንድ ሳንቃና አንድ ጉማጅ እንጨት ይበቃል።

ጉማጁን ሳንቃው ላይ ያስቀምጡና የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንሡ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ሳንቃው ይበልጥ ባዘመመ ቁጥር ጉማጁን ቁልቁል የሚጎትተው ኃይል ያድጋል፤ ከሳንቃው ጋር የሚያጣብቀው ኃይል ደግሞ ይቀንሳል። በመጨረሻ ጉማጁ ይንሸራተታል። ሊንሸራተት ሲል ሳንቃው የደረሰበት ማዕዘን የዕረፍት ማዕዘን ይባላል። በዚያች ቅጽበት የጫፉን ከፍታ ከሥሩ ላለው አግድም ርቀት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት የሰበቃ ቁጥር ነው። ከፍታው 30፣ አግድሙ 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቁጥሩ 0.3፣ ማዕዘኑ 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አቧራና እርጥበት ውጤቱን ስለሚቀያይሩት ደጋግሞ መለካት ይሻላል።

ጉማጁ ላይ ሌላ ጉማጅ ቢደርቡበትም ማዕዘኑ ያው ነው። ክብደቱ ሲጨምር ጉተታውም ሰበቃውም በእኩል ያድጋሉ። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ሰበቃ በጭነቱ ልክ እንደሚያድግ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1699 ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። እግሩ ላይ ያረፈው ጭነት 1000 ኪሎ ነው እንበል፤ እግሩም ወደ ጎን እንዳይሄድ ተይዟል። ሽብልቁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፣ ማለትም ማዕዘኑ 5.7 ዲግሪ ነው፤ በላዩም በታቹም የሰበቃ ቁጥሩ 0.3 ነው። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ 100 ኪሎ በሚያህል ግፊት ማሽኑ ይነሣ ነበር። ሰበቃ ስላለ ግን ወደ 710 ኪሎ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጉልበት የሚበላው ሰበቃው ነው። መዶሻ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሽብልቁን መልሶ ለመንቀል ደግሞ ወደ 490 ኪሎ ጉተታ ይጠይቃል። በመግቢያው ያደከመን ሰበቃ፣ ከገባ በኋላ ጠባቂው ነው።

ወሰኑም ግልጽ ነው፤ የሽብልቁ ማዕዘን ከዕረፍት ማዕዘኑ እጥፍ እስካላለፈ ድረስ ሽብልቁ በራሱ አይወጣም። እጥፍ የሆነው ሰበቃው በላይም በታችም ስለሚይዝ ነው። በምሳሌያችን እጥፉ 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 5.7 ዲግሪ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

አደጋው የሚመጣው በቀላሉ እንዲገባ ተብሎ ግራሶ ሲቀባ ነው። የሰበቃ ቁጥሩ ከ0.05 በታች ከወረደ ይኸው ሽብልቅ በጭነቱ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል። የሚሠራ ማሽን ንዝረትም ሽብልቁን ጥቂት በጥቂት ያላላዋል። ስለዚህ ሽብልቁን በደረቁ ያስገቡ፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላም ጠፍጣፋ ድጋፍ ሳያስገቡ እጅዎን ከሥሩ አይክተቱ።