ኢአርፒ ሥራ እስኪጀምርና ከዚያ በኋላ

የኢአርፒ ሶፍትዌር የአንድን ድርጅት ሂሳብ፣ ግዢ፣ መጋዘንና ሽያጭ በአንድ የመረጃ ቋት ያገናኛል። ትግበራው የሚጀምረው በጥናት ነው፤ ባለሙያዎች ሥራው መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ሳይሆን በተግባር እንዴት እንደሚከናወን ሠራተኞቹን ይጠይቃሉ። ከዚያ ንድፍ ይወጣል፣ ሶፍትዌሩ ይዋቀራል፣ የቆየው መረጃ ተጣርቶ ይዛወራል፤ ሙከራና ሥልጠና ይከተላሉ።

በጥናቱ የታለፈ ነገር ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚታየው ሥርዓቱ ሥራ ሲጀምር ነው። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ 4 ዓመት ይፈጃል የተባለውን ትግበራ በ30 ወር ለመጨረስ ተጣድፎ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 የሃሎዊን ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን ወደ አዲሱ ሥርዓት ገባ። ምርት ሲበዛ ሠራተኞቹ ካርቶኖችን ባገኙት ክፍት ቦታ ሁሉ ያስቀምጡ ነበር፤ እነዚህ ቦታዎች ግን በሥርዓቱ በማከማቻነት አልተመዘገቡም። ከረሜላው እያለ ኮምፒውተሩ የለም አለ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ትዕዛዝ ሳይደርስ ቀረ።

ይህን ቀድሞ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ቆጠራ ነው። ከመጀመሪያው ዕለት በፊት መጋዘኑ በአካል ተቆጥሮ ከተዛወረው መረጃ ጋር ይመሳከራል፤ የሂሳብ ቀሪዎችም እንዲሁ። ካልተስማሙ ቀኑን ማራዘም ይሻላል፤ ቀኑም ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል።

ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ የትግበራው ቡድን ለጥቂት ሳምንታት ከተጠቃሚዎቹ አጠገብ ሆኖ ችግሮችን በየዕለቱ ይፈታል። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው የወር መጨረሻ ሂሳብ በትክክል ሳይዘጋ ቡድኑ ባይለቅ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ ለመደበኛው የድጋፍ ክፍል ይተላለፋል።