«ጥሬ» ከሚለው ቃል ይልቅ እሳት፦ አንድን የወጥ ቤት ንጽህና መመሪያ ወደ ቀላል አማርኛ መመለስ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ካሰራጫቸው አምስት የምግብ ደህንነት ቁልፎች ሁለተኛው ጥሬ ምግብ ከበሰለው እንዲለይ ያዝዛል። ዓላማው በጥሬ ሥጋ ላይ ያሉ ተህዋስያን በቢላዋ፣ በመክተፊያና በእጅ አማካይነት ለመበላት ወደተዘጋጀ ምግብ እንዳይሻገሩ ነው። ትእዛዙ በመመሪያ ቋንቋ ሲተረጎም «ጥሬ ምግቦች ከበሰሉ ምግቦች ተለይተው መያዝ ይኖርባቸዋል» የሚል መልክ ይይዛል።

ይህ ዓረፍተ ነገር በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ለአዲስ ሠራተኛ ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛ፣ «መያዝ ይኖርባቸዋል» ሲባል አድራጊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛውና ከባዱ «ጥሬ» የሚለው ቃል ነው። መመሪያው ጥሬ ሥጋ ገና የሚበስል ነው ብሎ ይነሣል፤ እዚህ ግን ከአንዱ ሥጋ ከፊሉ ለጥብስ፣ ከፊሉ ለቁርጥ ይቀርባል። ቁርጥ ጥሬ ነው፤ ለመበላትም የተዘጋጀ ነው። የሰላጣ ቲማቲምም እንዲሁ። ስለዚህ ቃሉን በትክክል የተረዳች ሠራተኛ የጥብሱን ሥጋ፣ ቁርጡንና ቲማቲሙን «ሁሉም ጥሬ ነው» ብላ በአንድ መክተፊያ ብትቆርጥ፣ የተላለፈችው ትእዛዝ የለም። ስሕተቱ የትርጉሙ ነው።

መፍትሔው ምግቡን አሁን ባለበት ሁኔታ ሳይሆን ቀጥሎ በሚደርስበት ነገር መለየት ነው፤ ይኸውም እሳት ነው።

«እሳት የሚነካውን ሥጋ በቀዩ መክተፊያ ቁረጡ።
ቁርጥን በነጩ መክተፊያ ቁረጡ።
የታጠበ ሰላጣን በአረንጓዴው መክተፊያ ቁረጡ።
ወደ ሌላ መክተፊያ ከመሄዳችሁ በፊት ቢላዋውን በሳሙና እጠቡ፤ እጃችሁንም ታጠቡ።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ ተግባር ብቻ ይዘዋል። «ቁረጡ» የሚለው የብዙ ቁጥር ተመርጧል፤ «ቁረጥ» ሴቷን፣ «ቁረጪ» ወንዱን ያስቀራልና። ማንበብ ለሚቸግረው በቀዩ መክተፊያ አጠገብ የእሳት ሥዕል ይለጠፋል።

ትርጉሙ መግባቱ «ገባችሁ?» ተብሎ በመጠየቅ አይታወቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። ይልቁንም የጥብስ ሥጋ፣ ቁርጥና ቲማቲም ቀርበው ሠራተኛዋ በየመክተፊያቸው እንድታስቀምጥ ይደረጋል። ቁርጡን ቀዩ ላይ ካስቀመጠች አሁንም የምትለየው በ«ሥጋ» እንጂ በእሳት አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ በድጋሚ መታየት አለበት።

ይሁንና የቋንቋው ሥራ ወሰን አለው። የኮሶ ትል እጭ የሚገኘው በራሱ በሥጋው ውስጥ በመሆኑ መክተፊያ መለየት ቁርጥ የሚበላውን ሰው ከእርሱ አያድነውም። ያ የሥጋ ምርመራና የማብሰል ጉዳይ ነው። መመሪያው የሚጠብቀው፣ ሰላጣ ብቻ ያዘዘው ተመጋቢ የሥጋውን ተህዋስ አብሮ እንዳይቀበል ነው።